የእትዬ አስካለች ፈቃድ

እትዬ አስካለች በሶዶው ክሊኒካችን ካርድ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ሲሠሩ አንድም ቀን ፈቃድ ወጥተው አያውቁም። ከአራት ሺህ ካርድ የተፈለገውን መዝዞ የሚያወጣ ሌላ ሰው የለማ! በ2004 ዓ.ም. የወንድማቸው ልጅ አረካ ላይ ሊያገባ ሲል እኔ ዳና፣ የክሊኒኩ የኮምፒውተር ሠራተኛ፣ ሠርጉ እንዳያመልጣቸው ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ የካርድ መፈለጊያ ሳጥን ሠራሁላቸው። የታካሚዎቹ ስም የተመዘገበበት ዳታቤዝ መጀመሪያ ሙሉውን ቃል ይፈልጋል፤ ካጣው ስሙን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆራረጠ በጣም የሚመሳሰለውን ያስቀድማል።

እትዬ «ሐመልማል»ን ሆን ብለው አበላሽተው ጻፉ። ሐመልማል ከላይ ወጣች! በሳቅ ፈነዱ።

ወዲያው አንዲት ታካሚ መጡና «የመልካሙ እናት ነኝ» አሉ። ሳጥኑ ሠላሳ መልካሙ ደረደረ፤ ሴትዮዋ ግን የሉበትም። እትዬ ግን የሴትዮዋን ካርድ ከመደርደሪያው መዝዘው ይዘው ቆመው ይስቁብኛል። የፊደል ስህተት ይችላል እንጂ፣ እዚህ አገር እናት በልጇ ስም እንደምትጠራ ማን ነገረው? «የልጅ ስም» የሚል ዓምድ ጨምሬ ፍለጋው ውስጥ አስገባሁት። እትዬ ሦስት ቀን ሙሉ ከጭንቅላታቸው እየነገሩኝ ሞላሁት።

ቅዳሜ ከሠርጉ ደወሉ።

«ዳና፣ ማንም አልፈለገኝም?»

«ማንም!»

እልልታውን አቀለጡት። ሰኞ አልመጡም፤ ማክሰኞም።