በፎቶው ላይ ባለችው እኔ ቀናሁ

ልጅ ሳለን ቆንጆዋ እኔ ነበርኩ። ዘነበወርቅ ሰፈር፣ እናታችን ቤት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ አገጬን ይዞ «ይቺማ የእናቷን መልክ ወስዳዋለች» ሲል ታናሽ እህቴ በሩ ጋ ቆማ ጥፍሯን ትበላ ነበር። ነገሩ የተገለበጠው ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። እኔ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዳይፐር ስቀይር፣ እሷ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ጂም አሠልጣኝ ሆና ተቀጠረች። ብዙም ሳይቆይ ቲክቶክ ላይ ሰው ሁሉ አወቃት።

ያሳወቃት አንድ ጥንድ ፎቶ ነው። በግራ በኩል «በፊት» ይላል፤ ጉንጯ ዓይኗን እስኪሸፍን ያበጠ፣ ሰፊ ቲሸርት የለበሰች ልጅ። በቀኝ በኩል «አሁን»፤ ወገቧ በሁለት መዳፍ የሚያዝ፣ ሆዷ ላይ መስመር የወጣ። ከሥሩ «ከፈለግሽ ትችያለሽ። ሰበብ ይብቃ!» ብላ ጽፋለች።

ያቺ «ሰበብ ይብቃ» ለኔ የተጻፈች መሰለችኝ። ልጄን እያጠባሁ ፎቶውን በሁለት ጣቴ አሰፋና እንከን እፈልጋለሁ። ካጣሁ እናደዳለሁ። ከሥር «ንግሥት» እያሉ የሚጽፉላትን ሳነብ ደግሞ አንጀቴ ይቃጠላል። እሑድ ከቸርች ስንመለስ እናቴ ሆዴን አየት አድርጋ፣ «እህትሽ ሠርታ እንዲህ ሆነች፤ አንቺ ምን ያዘሽ?» አለችኝ።

በመጨረሻ እንዳታውቀኝ ባለቤቴ ለሥራ በያዘው ሌላ ስልክ ቁጥር፣ እህቴ የስፖርትና የአመጋገብ ፕሮግራም የምትሸጥበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። ለሁላችንም የተላከው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ላረገዘችውም፣ ለአራሷም፣ ለወጣቷም። እራት የለም፣ ዳቦ የለም፣ ጠዋት ዝላይ፣ ማታ እሷ የምታስተዋውቀው የሚያከሳ ሻይ። እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር፤ ልጆቹ ላይ መጮህ አበዛሁ። ሆዴ ግን ያው ሆዴ ነው። ግሩፑ ላይ በየሳምንቱ የአንዲት ሴት «በፊት እና አሁን» ይለጠፋል። ከመካከላቸው ያልተሳካልኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አመንኩ።

አንድ ቅዳሜ እህቴ ደወለችና «ጂም ነይ፤ ላስጀምርሽ። ምንም ሳትበዪ ነይ» አለችኝ። ግሩፑ ውስጥ መኖሬን አልነገርኳትም።

ስደርስ ከጎን ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ አቆመችኝ። ፑሽ አፕ አሠርታ ክንዴን ሞቅ አደረገችው፤ ትከሻዬን ቅባት ቀባችው። እስከ እምብርቴ የሚደርስ ጥቁር ታይት አስለበሰችኝ።

«ዳሌሽን ትንሽ አዙሪ። አንድ እግር ወደፊት። ተንፍሺና እዚያው ያዢው» አለች። እሷ ቁጢጥ ብላ ስልኩን ከታች ወደ ላይ ይዛ አነሳችኝ።

ከዚያ ቁርስ ጋበዘችኝ። ዳቦ በእንቁላል በላሁ፣ ለስላሳ ጠጣሁበት። ሆዴ ተነፋ። ቀጥላ ወደ ልብስ መቀየሪያው ወሰደችኝ፤ መብራቱ ከአናት በላይ ስለሆነ ፊቴ ላይ ጥላ ይጥላል። ታይቱን ከሆዴ ሥር ዝቅ አስደረገችኝ።

«አሁን ዘና በይ። ትከሻሽን ጣይው። አትሳቂ» አለችና ደግማ አነሳችኝ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«መነሻሽ ነው። የመስኮቱ ደግሞ እንዲያምርብሽ ብዬ ነው።»

አመንኳት። እህቴ ናት።

ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ለጠፈቻቸው። ቁርስ ከበላሁ በኋላ የተነሳሁት «በፊት» ሆነ፤ በባዶ ሆዴ የተነሳሁት «አሁን»። «የገዛ እህቴ በሦስት ወር!» ይላል። ቀኝኛው ላይ ወገቤ ከተፈጥሮዬ ጠቧል። ልብ ብዬ ሳይ ከጎኔ ያለው የመስኮት ፍሬም ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ በፎቶ ማስተካከያ አፕ ወገቤን ሳብ ስታደርገው መስኮቱም አብሮ ተስቧል።

መቆጣት ነበረብኝ። መጀመሪያ ግን ደስ አለኝ፤ ቆንጆ ነበርኩ። ቸርች ሴቶቹ ከበቡኝ። እናቴ ለጎረቤት አሳየች። ባለቤቴ ቀኝኛውን ፎቶ ቆርጦ ስልኩ ፊት ላይ አደረገው።

ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ነገር ለሰው ለማስረዳት ይከብደኛል። በዚያች ሴት ቀናሁ። ባለቤቴ ሰዓት ለማየት ስልኩን በከፈተ ቁጥር እሷን ያያል፤ ቀና ሲል የሚያገኘው እኔን ነው። ፈገግ ካለ ለማን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን «አጥፋት» አልኩት።

«ማንን?»

«እሷን።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በዚያው ሰሞን ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው አራስ በሬን አንኳኳች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ይነጫነጫል።

«ወተቴ ቀነሰ፤ የኔ እህት። አንቺስ ስታጠቢ እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ። ገንፎውን ትታ፣ እራት ዘላ፣ ያንን ሻይ እየጠጣች ነበር። «ያንቺን ፎቶ አይቼ ነው የጀመርኩት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የራሴን ቅናት ሰማሁት።

አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ሁለቱም ፎቶዎች የተነሱት በአንድ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊትና በኋላ መሆኑን። ሹራቤን ገልጬም ሆዴን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ማልቀስ ጀመረች። ምግብ አቀረብኩላት፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ሻዩን አስቁማ በደንብ እንድትበላ መከረቻት።

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ እህቴ ጋ ሄድኩ።

«ሰው እየጎዳሽ ነው» አልኳት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«የተለወጡት የግሩፑ ሴቶችስ?»

«አንዳንዶቹ የምር ተለውጠዋል። ያልተለወጡት ፎቶ አይልኩም፤ ዝም ብለው ይወጣሉ።»

እኔም ዝም ካሉት አንዷ መሆኔን ያን ጊዜ ነገርኳት። ደነገጠች። «የኔ 'በፊት' መቼ እንደተነሳ ረሳሽው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ረስቼው ነበር። ታማ የወሰደችው መድኃኒት ፊቷን ያሳበጠው ጊዜ ነው። ሐኪም ቤት ያመላለስኳት እኔ ራሴ ነኝ። መድኃኒቱን ስትጨርስ እብጠቱ በራሱ ጠፋ። ዓይኔ በቅናት ተጋርዶ ያንን ሁሉ ረስቼ፣ ወፍራም የነበረች ልጅ ናት ብዬ ተቀብዬ ነበር።

ስልኳን ሰጠችኝ። የሌሎች አሠልጣኞችን ፎቶ አስቀምጣለች፤ የአገር ውስጥም የውጭም። «እኔም ሳያቸው ነው የምውለው። እነሱን ለመምሰል ነው የምራበው» አለች። «አሁን» በሚለው ፎቶዋ ላይ ያየሁት ወገብም ለፎቶው አንድ ቀን የነበረ ወገብ መሆኑን ነገረችኝ፤ ከዋዜማው ጀምራ ምግብ ትታ፣ ውኃ ቀንሳ።

የኔን ፎቶ በዚያው ቀን አጠፋች፤ ሻዩን ማስተዋወቅም ተወች። የራሷን ለማጥፋት ግን ሳምንታት ፈጀባት። ካጠፋች በኋላ ራሷን በቪዲዮ ቀረጸች፤ እዚያው መስኮት ጋ በባዶ ሆዷ፣ ከዚያ በልታ ከአናት መብራቱ ሥር። «ይሄ ሁሉ በአንድ ጠዋት ነው። የድሮው ፎቶዬም የመድኃኒት እብጠት ነበር» አለች። አንዳንዶች «አታለልሽን» ብለው ሰደቧት፣ ከግሩፑም ወጡ። እሷም «ይገባኛል» ብላ መለሰችላቸው።

ያ ቪዲዮ ግን ከቀድሞው ሁሉ ይበልጥ ታየ። ሰው «ጀግና» አላት። እሑድ እናቴ ስልኩን ይዛ፣ «እውነት የምትናገር ልጅ ሰጠኝ ጌታ! አየሽ እህትሽን?» አለችኝ።

«አየኋት» አልኩ። ስልኩን አየት አድርጌ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። አንጀቴ ግን፣ ምን ይደረግ፣ እንደ ድሮው ቃጠል አደረገኝ።