ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ኑኃሚንን ሥራዋ ምን እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ ከወዲሁ ይደክማታል። «ሰዎች ተሰብስበው ሲነጋገሩ፣ ማን መቼ እንደተናገረ እየሰማሁ ምልክት አደርጋለሁ» ስትል፣ «ለስለላ ነው?» የማይላት የለም። ጀርመን አገር በምትኖርበት ሰፈር፣ ኖርድቬስትሽታት ያሉ ጎረቤቶቿማ አሁንም ሊፍት ውስጥ ሲያገኟት ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ምን ታድርግ!

ነገሩ እንኳን ለስለላ፣ ለሐሜትም አይሆንም። ኦይሮፓፊርቴል የሚባል ሰፈር ያለው የምትሠራበት ትንሽ ድርጅት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ ቀረጻውን ይቆራርጥና ድምፃቸው የሚመሳሰሉትን ቁርጥራጮች አንድ ላይ ይሰበስባቸዋል። ከዚያ «ተናጋሪ አንድ»፣ «ተናጋሪ ሁለት» እያለ ይለጥፍባቸዋል። የሰው ስም አያውቅም። ጉንፋን የያዘውን ለሁለት ይከፍላል፣ ድምፃቸው የሚቀራረብ እህትማማቾችን ደግሞ አንድ ያደርጋል። ኑኃሚን ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ የድምፁን ሞገድ ስክሪን ላይ እያየች፣ ያጠፋውን ታቃናለታለች። ለዓመታት አውሮፕላን ማረፊያ ስታጸዳ ኖራ፣ ጀርመንኛዋን በማታ ትምህርት አሻሽላ የያዘችው ወንበር ስለሆነ ትሳሳለታለች።

ያን ሰሞን ከአንድ የአረጋውያን ማቆያ የመጣ ቀረጻ ደረሳት። ማቆያው ፕሮግራሙን እየሞከረ ነበር፤ ተሰብሳቢዎቹም ለመቀረጽ ፈቅደዋል። የተሰበሰቡት ስለ አቶ ሰይፈ ገብርኤል ነው። አቶ ሰይፈ ገብርኤል በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ ኢንጂነር ናቸው። የአንጎል ደም መፍሰስ ከመታቸው በኋላ ጀርመንኛው ጠፋባቸው፣ አማርኛውም ከአፋቸው መውጣት አቃተው። ጥያቄው አንድ ነበር፦ አሁን ባሉበት ክፍል ይቆዩ ወይስ መርሳት የጸናባቸው ሰዎች ወዳሉበት ላይኛው ፎቅ ይሂዱ? የእህታቸው ልጅ ገላነሽ ታስተረጉማለች። ፍርድ ቤት የሾመላቸው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ፍራው ሊንድነር የሚሏት ሴት፣ ትጠይቃለች። ዶክተሩና አስታማሚዋም አሉ።

ፕሮግራሙ አራት ተናጋሪ አገኘ። ኑኃሚንም ከላይ እስከ ታች ሰማችው፤ አራት ናቸው። የአሠራር መመሪያው «ሳል፣ ትንፋሽ፣ የወንበር ጩኸት አይመዘገብም» ስለሚል፣ በየመሀሉ የሚሰማውን ትንፋሽ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ አለፈችው። ሥራውን አስረከበች።

በሳምንቱ አለቃዋ ዬንስ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ማቆያው ደስ ብሎታል! ፕሮግራማችን ጉድ አወጣ» አለ። «ሴትየዋ አጎቴ እንዲህ አሉ፣ አጎቴ እንዲያ አሉ እያለች ስትተረጉም ነበር አይደል? በቃለ ጉባኤው ላይ ግን ሰውየው አንድም ጊዜ አልተናገሩም። ከራሷ ነበር የምትመልስላቸው! ከእንግዲህ እሷ አታስተረጉምም። የፊታችን ሐሙስ ያለ እሷ ይወስናሉ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ መሄዳቸው አይቀርም።»

ኑኃሚን ገላነሽን በሆዷ ታዘበቻት። የሰው አፍ ይዞ መናገር! ደግሞ በሽተኛ ላይ!

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከጎኗ የሚሠራው ወንድዬ፣ ሁለተኛው መዝጋቢ፣ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። ዬንስ ጃኬቱን እየለበሰ «ወንድዬ፣ ምሳ ትመጣለህ?» አለው። ወንድዬ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። ዬንስ ቆሞ ጠበቀ። ደግሞ ጠየቀው። ወንድዬ ደግሞ ሳብ አደረገ።

«እመጣለሁ ብሎሃል እኮ» አለች ኑኃሚን።

«መቼ? ምንም አላለም!»

«አለ እንጂ፣ አሁን...» ብላ ጀምራ ዓረፍተ ነገሩ አፏ ውስጥ ቀረ።

እኛ አገር ሰው «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ዝም ይላል፤ ያየነውም የሰማነውም ነው። ለእኛ መልስ ነው። ጀርመናዊ ግን ሰውየው የደነገጠ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ ሲሳብ የጉሮሮ ድምፅ ስለሌለው፣ ንግግር ነው ብሎ አይቆጥረውም። ኑኃሚን ግን በዚሁ ቋንቋ ያደገች ናት። እናቷ በስልክ እንዲህ ስትመልስላት ነው የኖረችው። ማዳመጫ ስታጠልቅ ጆሮዋን መመሪያው ወሰደባት። ተናደደች፤ መጀመሪያ በራሷ፣ ከዚያ በመመሪያው።

ምሳውን ትታ ቀረጻውን ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ ብዙ ማይክሮፎን ስለነበረ የእያንዳንዱን ለየብቻ ሰማች። ገላነሽ «ጋሼ፣ ክፍልዎ ይመችዎታል?» ትላለች። ከጠረጴዛው ጫፍ፣ አቶ ሰይፈ ገብርኤል ከተቀመጡበት በኩል ባለው ማይክሮፎን ላይ ጎልቶ፣ ትንፋሽ ሳብ። ገላነሽ «ተመችቶኛል ይላሉ» ብላ ትተረጉማለች። «እዚሁ መቆየት ይፈልጋሉ?» ሳብ። «እዚሁ መቆየት ይፈልጋሉ።» «ጋሼ፣ ውኃ ይፈልጋሉ?» ዝም። ገላነሽም «አይፈልጉም» ትላለች። ሴትየዋ ከራሷ አንድ ነገር አልጨመረችም። ኑኃሚን በታዘበቻት ልቧ አፈረች።

ዬንስ ሲመለስ ነገረችው። እሱም ዝም ብሎ አልተቀበለም።

«ትንፋሽ ሁሉ ንግግር ከሆነ፣ የሚያቃስተው ሁሉ ተናጋሪ ሊሆን ነው። ደግሞ ትንፋሽ የማን እንደሆነ በድምፁ አይለይም፣ አንቺም ታውቂያለሽ።»

እውነቱን ነው። «በድምፁ አይለይም» አለች፤ «በየትኛው ማይክሮፎን እንደጎላ ግን ይለያል። ደግሞ አንተ እኔን አትመነኝ። ወንድዬ ምንም ሳልነግረው ለብቻው ይመዝግበው።»

ዬንስ ተስማማ። ለወንድዬ የተነገረው «ወደ ውስጥ የተሳበውን አዎ አትለፍ» ብቻ ነው፤ የኑኃሚንን ምልክት አላየም።

«ምን ሆነሽ ነው ፋየርአቤንድ ሳይደርስ፣ ገና ከሥራ ሳንወጣ ጥፍርሽን የጨረስሽው?» አላት ወንድዬ ሥራውን ሲጀምር።

«ዝም ብለህ ስማ!»

ሲጨርስ ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አደረጓቸው። ሁለቱም አምስተኛ ተናጋሪ አስገብተዋል። ወንድዬ አንዱን ትንፋሽ የገላነሽ ነው ብሎ ወደ እሷ መልሶታል፣ ኑኃሚንም ደግማ ሰምታ ተቀበለችው። ሌላው ሁሉ ገጠመ። ዬንስ ጭንቅላቱን አከከና ስልኩን አነሳ። የተስተካከለውን ቃለ ጉባኤ ለማቆያው ላከ፣ ስህተቱ የእኛ ነው ብሎም ይቅርታ ጠየቀ። ለዚህ ኑኃሚን እስከ ዛሬ ታከብረዋለች።

ከሐሙሱ የስብሰባ ቴርሚን በኋላ አዲስ ቀረጻ መጣ። ኑኃሚን ወዲያው ከፈተችው። ገላነሽ አለችበት! አልከለከሏትም። ፍራው ሊንድነር ዛሬ አትቸኩልም፤ ጠይቃ ትጠብቃለች።

«እዚሁ ክፍልዎ መቆየት ነው የሚፈልጉት?» ገላነሽ ተረጎመች።

ሳብ።

ገላነሽ ልትተረጉም ስትል ፍራው ሊንድነር አቋረጠቻት። «ቆይ፣ ይሄን እኔም ሰምቻለሁ» አለች። «አቶ ሰይፈ ገብርኤል፣ ባለፈው ስላልሰማሁዎት ይቅርታ። እዚሁ ይቆያሉ።»

የገላነሽ ልቅሶ ተከተለ። ፕሮግራሙ ለእሱም «ተናጋሪ አምስት» የሚል አዲስ ሰው ፈጥሮ ነበር፤ ኑኃሚን ወደ ገላነሽ መለሰችው። ዓይኗን እየጠረገች ነው የምትሠራው።

ከዚያ ፍራው ሊንድነር «በዚህ ተስማምተናል?» አለች። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሳቡ። ፍራው ሊንድነርም መልሳ ልትስብ ሞከረች፤ አጉል ሳበችውና ትን አላት። ሳል በሳል ሆነች። በዚያ መሀል ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ወፍራም፣ የሻከረ ሳቅ ፈነዳ። ኑኃሚን ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም፤ የማን እንደሆነ ግን አላጠያየቃትም።