«ሁሉንም ስም ጻፊ» ያሉኝ አማካሪ

ላፍቶ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሁድ መካኒሳ አቦ አካባቢ በሚገኝ የግል ኮሌጅ ማስተርሴን እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ለአማካሪዬ ሰጥቼ ስቀበል ገጹ ሁሉ በቀይ ተሞልቷል። ሦስትና ከዚያ በላይ ጸሐፊዎች ያሏቸውን ምንጮች ስጠቅስ የመጀመሪያውን ጸሐፊ ስም፣ ቀጥሎ የሌሎቹን ስም የሚተካውን «ኢት አል»፣ ከዚያ ዓመቱን ብቻ ስለጻፍኩ ነው። መጀመሪያ ስትጠቅሺ የሁሉንም ስም ጻፊ፤ ማሳጠር ከሁለተኛው ጀምሮ ነው አሉኝ።

ኮሌጁ እንድንከተል ያዘዘን ኤፒኤ የተባለው የምንጭ አጠቃቀስ መመሪያ ሰባተኛ እትም ነው፤ በእሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደሚያጥር ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ማስተማር የጀመሩት እኔ ፊደል ሳልቆጥር መሆኑን ነገሩኝ። ፊርማቸው ያስፈልገኛል። ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ ሁሉንም እንዳሉት አደረግኩት።

ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ባቀረብኩበት ቀን አንዷ ፈታኝ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሙ።

«ይሄ የድሮው እትም አጻጻፍ ነው። ለምን ተጠቀምሽው?»

አማካሪዬን አየሁ። መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

«ተማሪዋ ራሷ ማረጋገጥ ነበረባት» አሉ።

ደሜ ፈላ። አፌ ላይ የደረሰውን መልስ ዋጥኩት፤ ዋጥኩት ማለት ግን በረደልኝ ማለት አይደለም። በማሻሻያ አለፍሽ ሲሉኝ እንኳ ደስታው አልተሰማኝም። 

ቤት ገብቼ ሁሉንም መልሼ ማሳጠር ስጀምር ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሁለት ጥናቶች የመጀመሪያ ጸሐፊያቸውም ዓመታቸውም አንድ ሆኖ፣ ሲያጥሩ አንዱ ከሌላው አይለይም። የመጀመሪያው ረቂቄም እንዲሁ ነበር፤ ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። መመሪያውን አገላብጬ አየሁ፤ እስኪለዩ ድረስ ስም መጨመር ነው። አምስት ጸሐፊ ያለው ጥናት፣ ሁለተኛው ስም ሲጨመርበት ተለየ፤ የቀሩት ሦስቱ «ኢት አል» ውስጥ ገቡ። ሌላው ግን ሦስት ጸሐፊ ብቻ ስላለው ሁለተኛውን ስጨምር የሚቀረው አንድ ሰው ነው። «ኢት አል» ደግሞ «እና ሌሎች» ማለት ስለሆነ ለአንድ ሰው አይሆንም። ሦስቱንም ስሞች፣ በተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ ጻፍኩ።

አማካሪዬ ለፊርማ ሲያገላብጡ እዚያ ላይ ደርሰው ፈገግ አሉ።

«ይኸው፣ ሁሉንም ጽፈሻል። እኔስ ምን አልኩ?»

«ዶክተር፣ ይሄኛው ከሌላ ጥናት ጋር እንዳይምታታ ነው። እርስዎ ያሉኝ ሌላ ነው። ያሉኝን አድርጌ፣ ሰው ፊት ካዱኝ።»

  ወረቀቱን ፈረሙና ሰጡኝ። ይቅርታ ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን እዚያ ቆሜ ነበር። በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ዘንድሮ የሚማሩ ልጆች ስለ አማካሪ ሲጠይቁኝ የማንንም ስም አላነሳም። አማካሪያችሁ ያዘዟችሁን በኢሜይል ጽፈው እንዲልኩላችሁ አድርጉ እላቸዋለሁ። ይህን ስል ንዴቱ አሁንም ይነሳብኛል።