ሲጻፍ ያየው ማን ነው?

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩባቸውን ዓመታት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ብርዱ ነው። ጋቢ ደርቤ ክፍል ገብቼ አስተምር ነበር፤ ተማሪዎቼም እንደዚያው። ጠመኔ የያዝኩበትን እጄን በየመሃሉ ብብቴ ውስጥ እከተዋለሁ። ዛሬ ቆላ ወርጄ ስኖር ያ ብርድ ይናፍቀኛል ብል የሚያምነኝ የለም። ግን ይናፍቀኛል፤ ከሁሉም በላይ የምትናፍቀኝ ደግሞ አንድ ተማሪዬ ነች።

ከደረስጌ የመጣች ልጅ ነበረች። አባቷ እያረሱ ቅኔ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። የመመረቂያ ጥናቷን በእንግሊዝኛ የጻፈችው በአገሯ ገብስ ላይ ነው፦ ገበሬው ለዘር የሚሆነውን በምን እንደሚመርጥ። አማካሪዋ እኔ ነበርኩ። አማካሪ ይበሉኝ እንጂ በዚያ ዓመት የደረሱኝ ተማሪዎች ብዙ ስለነበሩ፣ የማንን ምዕራፍ መቼ እንዳየሁ እንኳ ይምታታብኝ ነበር።

ያን ሰሞን አዲስ መመሪያ ወጣ። የተማሪ ጽሑፍ ሁሉ በሰው ይሁን በማሽን መጻፉን ይለያል በተባለ መፈተሻ እንዲያልፍ ታዘዝን። የልጅቱን ጥናት ያስገባሁት እኔው ነኝ። ገጹ ቀላ። አብዛኛው የማሽን ሳይሆን አይቀርም የሚል ቁጥር ከላይ ተደረደረ።

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ አልጠይቅም፤ ይህ የቆየ ጠባዬ ነው። ጠርቼ «አታለልሽኝ» አልኳት። ቆማ ሰማችኝ፣ እንባዋ መጣ፣ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብቻ ብላ ወጣች። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሳምንቱ መጨረሻ እንወስናለን አለ። ጥናቱ ከወደቀ ምረቃው ይቀራል፤ ቤተሰቡ ደግሞ በግ ለይቶ፣ ጠላ ጠምቆ እየጠበቃት ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ የኔታ ራሳቸው መጡ። ነጭ ጥምጥማቸው ላይ የመንገዱ አቧራ ሰፍሯል። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

«መምህርት፣ ልጄ ሰው የጻፈውን ሰረቀች ብለዋታል አሉ» አሉኝ።

«ሰው አይደለም የኔታ፣ ማሽን ነው» ብዬ መፈተሻው ያወጣውን ቁጥር ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ይኸ የሚሉት ነገር እሷ ስትጽፍ አይቷታል?»

«የለም፣ ያለቀውን አይቶ ነው የሚገምት።»

«እኛ ዘንድ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ጠዋት ይዞ ይመጣል፤ ቤቱ ይጎድላል፣ ይመለሳል። ማታ ደግሞ ይመጣል፤ ቃሉ ይጣመማል፣ ይመለሳል። ሲያርም እያየነው ነው የእሱ ነው ብለን የምንመሰክርለት። ያለቀውን ብቻ ይዞ ቢመጣማ ማን እንደቆጠረው በምን ይታወቃል? እርስዎ ስታርም አላዩዋትም?»

አፈርኩ። ሳይጨርሱ ነው ያፈርኩት። እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ የለቀመ ልጅ የሚጽፈው ማንም የሚጠብቀውን ቃል መሆኑን፣ መፈተሻው ደግሞ የሚጠበቅ ቃል ሲበዛበት ማሽን ነው እንደሚል አውቅ ነበር። እያወቅኩ ቁጥሩን ከልጅቱ አስበልጬ አመንኩ።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ተሰበሰብን፤ እሱ፣ እኔና ልጅቱ። የኔታ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆዩ። የጻፈችው በኢንተርኔት በሚቀመጥ ሰነድ ላይ ስለነበር፣ ያስረከበችኝን ሊንክ ከፍቼ የለውጥ ታሪኩን አወጣሁ። ጠቅላላው ጥናት በአንድ ቀን፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዱብ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ምንም የለም።

«ይኸው፣ ለጥፋዋለች። ምን ቀረ?» አለ ኃላፊው።

ልጅቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየች። «ይሄ እኮ ዋናው አይደለም። ለማሳተም ማተሚያ ቤት ስወስደው እዚያ የሚሠራው ልጅ ገጹ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ፋይል ላይ ገልብጦ አስተካከለልኝ። ያንን ነው ያስረከብኩት። ዋናው ስልኬ ላይ አለ።»

ስልኳ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው። በእሷ አካውንት ዋናውን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈትነውና ታሪኩን ከታች ወደ ላይ ማየት ጀመርን። ወራት ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን አርእስትና ሁለት መስመር ብቻ። ከዚያ ሦስተኛው ምዕራፍ ከአንደኛው ቀድሞ ተጀመረ። አንድ አንቀጽ ስድስት ጊዜ ተሰርዞ ስድስት ጊዜ ተጻፈ። «ሰነፍ ገብስ» የሚሉትን የአገሯን የገብስ ዓይነት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምትለው ቸግሯት ሦስት ቀን ባዶ ቦታ ትታለት ነበር። ለእረፍት አገሯ የገባችባቸው ሳምንታት ባዶ ናቸው፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ከተመለሰች በኋላ ግን የገበሬዎቹ መልስ ከማስታወሻ ደብተሯ ትንሽ በትንሽ ሲገባ ይታያል። ደብተሩንም አወጣች፤ የመልሶቹ ተራ ከሰነዱ ጋር አንድ ነው።

ኃላፊው ቀላል ሰው አልነበረም። «ማሽኑ የጻፈውን እያየች በእጇ ብትተይበውስ?» አለ።

«የሚገለብጥ ሰው ከላይ ጀምሮ እታች ይጨርሳል» አልኩት። «ይቺ መሃል ጀምራ፣ ተሳስታ፣ አፍርሳ፣ አንቀጽ ከቦታ ቦታ አዛውራ ነው የደረሰችው። ካላመንክ ለምን እንዳፈረሰችው ጠይቃት።» ከአራት ቦታ ጠየቃት። እያንዳንዱን ለምን እንዳጠፋችው ነገረችው፤ አንዱን መልሷን ሲሰማ ጥሩ ሳቅ ሳቀ። በለውጥ ታሪኩ ብቻ አይማልም፤ ግን ከደብተሩና ከልጅቱ አፍ ጋር ሲቆም ያ ቁጥር ምን ይመዝናል? «በቃ፣ ታልፋለች» ብሎ መዝገቡ ላይ ፈረመ።

ተነስቼ ለየኔታ ልነግራቸው ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ቀረ። መፈተሻው በጣም ያቀላው አንቀጽ ነበር። መጀመሪያ ስትጽፈው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ዘሩን በጥርሱ ይነክሳል። ቋ ካለ ለዘር ያስቀምጠዋል፣ ካላለ ለእኛ ለልጆቹ ይሰጠናል።» እንግሊዝኛው ይንገዳገዳል፤ ግን ሰውየው ፊቴ ቆመ። ከወር በኋላ ተሰርዞ በቦታው የገባው ደግሞ፦ «አርሶ አደሮች የዘርን ጥራት ለመገምገም ባህላዊ ዘዴዎችን ይጠቀማሉ።»

«ይሄን ለምን አጠፋሽው?» አልኳት።

ከቦርሳዋ ያንን ምዕራፍ፣ በወረቀት የታተመውን አወጣች። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ «ይህ ሳይንሳዊ አይደለም፣ ቀይሪው» ይላል። ቀጣዩም ገጽ ላይ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ያለውም። መፈተሻው ካቀላቸው አንቀጾች አብዛኛዎቹ እኔ አርሜ ያስቀየርኳቸው ነበሩ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «እባክሽ የቀድሞውን መልሺው፤ ይቻላል፣ እዚሁ ታሪኩ ላይ ነው ያለው።»

የአባቷን አንቀጽ በዝግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እንዲህ እጽፍ ነበር እንዴ?» አለችኝ።