የስድስት ጣት እጥፋት

ደስ ይበላችሁ! አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር! በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከነሐሴ እስከ ነሐሴ፣ ድፍን አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር!

ቁመቱ የማን ነው ብትሉ፣ የሃይማኖት ነው። ሃይማኖት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ገርጂ፣ ከአክስቷ ከአሰለፈች ጋር ትኖራለች። ደስታው ግን የእናቷ ነው። እናቷ የዓለምወርቅ ያን ዕለት ጠዋት ኦስሎ ውስጥ፣ ሴንትሩም በሚሉት መሐል ከተማ፣ አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የጽዳት ሠራተኞች በሚያርፉባት ጠባብ ክፍል፣ አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ፣ ስልኳን በስኳር ዕቃው አስደግፋ ተቀምጣ ነበር።

“አሥራ አንድ!” ብላ ጮኸች።

አጠገቧ ዳቦ የምትበላው የሥራ ጓደኛዋ ታንጉት ጉርሻዋ ሊያንቃት ምንም አልቀረው። “ምነው? ሎተሪ ደረሰሽ?”

“ልጄ አደገች!”

“እና ልታጥር ኖሯል?”

የዓለምወርቅ ወደ ስልኩ ተጠጋች። በስልኩ መስታወት ውስጥ፣ በቆርቆሮ ኮንቴይነር ሱቁ ደጃፍ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ኢተፋ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። አሰለፈች ስልኩን ይዛለች፤ እጇ ሲደክማት ምስሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሃይማኖት መሐል ላይ፣ ሁለት እጆቿን እንደ መስቀል ዘርግታ ትለካለች።

ይህች ሥርዓት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ልጅቱን ቁርሷን የምታበላት አሰለፈች ናት። ፀጉሯን የምትሠራት አሰለፈች ናት። ስታተኩስ ግንባሯን የምትዳስሰው፣ ደብተሯን የምታይላት፣ ወላጅ ይምጣ ሲባል የምትሄደው አሰለፈች ናት። ዩኒፎርሙን የማዘዝ ነገር ግን የእናትየው ነው። አሰለፈችም ይህን ታውቃለች፤ ነሐሴ በገባ ቁጥር “ጋሽ ኢተፋ ጋ ነን፣ አንሺ” ብላ ትደውላለች። የዓለምወርቅም ለዚያች ጥሪ ስትል የዕረፍት ሰዓቷን ከሌሎች ጋር ተቀያይራ ትጠብቃለች፤ ቁጥሮቹን የምትጽፍባት ትንሽ ደብተር አለቻት።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተሳስታለች። ጋሽ ኢተፋ “እጥፋት ስንት ልተውላት?” ሲላት፣ ልቧ ሞልቶ ነበርና፣ “አይተዉ ጋሼ፤ ጥቅምት ላይ እኔ ጋ ናት” አለችው። እሱም እንደታዘዘው ልክክ አድርጎ ሰፋ። ጥቅምት መጣ፣ ጥር መጣ፣ ሚያዝያ ላይ ቀሚሱ ከጉልበት በላይ ወጣ። ጫፉ ቢገለበጥ የሚለቀቅ ነገር የለውም። አንድ ቀን ጠዋት ዩኒት ሊደሩ ልጅቱን ከተማሪው ሁሉ ፊት ከትምህርት ቤቱ በር መለሷት። የዓለምወርቅ ያን የሰማች ቀን፣ ያጸዳችውን ኮሪደር ረስታው ሁለተኛ አጸዳችው።

በዓመቱ “ስድስት ጣት!” ብላ አዘዘች። ስድስት ጣት የታጠፈ ጨርቅ ቀላል አይደለም። ሲራመዱበት ጫፉ ይከብዳል፣ ዙሪያውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። የክፍሏ ልጆች “ጃንጥላ” አሏት። ደግሞም ያ ሁሉ ተትቶ ሦስቱ ጣት ሳይለቀቅ ቀረ፤ የድሮ ትምህርት ቤቷ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነውና ሰማያዊው ቀሚስ አበቃ። ሰባተኛ አዲስ ትምህርት ቤት ነው፤ ቀለሙም ጥቁር አረንጓዴ ነው።

“ወገብ ስድሳ ሦስት” አለ ጋሽ ኢተፋ። “ከወገብ እስከ ጉልበት በታች ሃምሳ ስምንት። ባለፈው ሃምሳ ሦስት ነበር። ይህች ልጅ የምትበላው እርሾ ነው እንዴ?”

“ትከሻውን ሰፋ ያድርጉልኝ ጋሼ።”

“ስሚ የሃይማኖት እናት። ርዝመት ይለቀቃል። ወገብም በጎን ስፌት ትርፍ እተውለታለሁ፣ ይሰፋል። ትከሻ ግን የሚለቀቅ ነገር የለውም። ዛሬ ካሰፋሁት የሰው ሸሚዝ የተዋሰች ነው የምትመስለው። ሸሚዙን በልኳ፣ ጥቂት ብቻ ላቅ አድርጌ። ተስማማን?”

“ተስማማን።”

“እጥፋቱስ? ስንት ጣት?”

መልሱን ከሳምንት በፊት አዘጋጅታዋለች። “ስድስት” አለች።

ስልኩ ተንገጫገጨ፤ ሰማይ ታየ፣ ቆርቆሮ ታየ፤ ከዚያ የሃይማኖት ፊት መስታወቱን ሞላው።

“እማ፣ እኔ ግን መቼ ነው የምመጣው?”

“በቅርቡ ነው የኔ ማር። ወረቀቱ እየሄደ ነው።”

“በቅርቡ ስንት ጣት ነው?”

“ምን አልሽ?”

“አምና ለጋሽ ኢተፋ ‘ስድስት ይተዉ፣ ሁለት ዓመት ያስኬዳታል’ ስትያቸው እዚሁ ቆሜ ነበር። ከዚያ ስልኩን ስቀበል ‘ለገና ነው የምትመጪው’ አልሽኝ። ለእኔ ገና፣ ለእሳቸው ሁለት ዓመት። ዘንድሮም ስድስት አልሽ።” ልጅቱ አልተቆጣችም፤ ሒሳብ እንደምታስረዳ ሰው ነው የተናገረችው። “እኔ አሁን የምሰማው ለጋሼ የምትያቸውን ነው።”

ታንጉት ማኘኳን አቆመች። የቀረ ዳቦዋን ጠቀለለችና፣ “በይ እንግዲህ፣ ባልዲዬን ውኃ ላይ ትቼው መጥቻለሁ” ብላ ወጣች። ባልዲዋ በሩ ሥር ባዶውን ቆሞ ነበር።

የዓለምወርቅ ብቻዋን ቀረች። እንደገና “በቅርቡ” ልትል ነበር፤ ተወችው።

“ሚያዝያ ላይ ከለከሉኝ” አለች።

“ምኑን?”

“ያንቺን መምጣት። ‘አልተፈቀደም’ የሚል ደብዳቤ መጣ። ይግባኝ ብያለሁ፤ እዚህ ክላገ ይሉታል። መልሱ ዓመት ይፈጃል አሉኝ። ከዚያ በኋላም… እርግጠኛ አይደለሁም ሃይሚዬ።”

“ሚያዝያ? ልደቴ ዕለት ደውለሽ ስትዘፍኚልኝ?”

“ደብዳቤው የመጣው ከዚያ ሦስት ቀን ቀድሞ ነው።”

ከወዲያ የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ የጋሽ ኢተፋ ጎረቤት ይሆናል፣ ይነዳል ያቆማል፣ ይነዳል ያቆማል። አሰለፈች “እስቲ አሁን ይሄ ምን ያደርግ ነበር” ብላ አጉረመረመች። ለእህቷ ይሁን ለልጅቱ አልታወቀም።

“እንግዲያው አራት ይተዉልኝ” አለች ሃይማኖት፣ ፊቷን ከስልኩ መልሳ። “አራት ጣት ጃንጥላ አይሆንም አይደል ጋሼ?”

“አራት ደንበኛ ነው” አለ ጋሽ ኢተፋ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

“ሲደርስ ደግሞ ራሴ ነኝ የምለቀው።”

“መፍታቱንማ ድመትም ትፈታዋለች፤ መልሶ መዘምዘሙ ነው ሥራው። ለዚህ ብዬ ጫፉን በመኪና አልመታውም፤ በእጅ፣ ላላ አድርጌ ነው የምይዘው። መኪና የመታው ጨርቅ ሲፈታ ቀዳዳው ይቀራል። የታጠፈበትን መስመር ደግሞ ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ ትተኩሺዋለሽ። ነይ፣ መርፌ አያያዝሽን አሳይኝ።”

“ሃይሚ?” አለች የዓለምወርቅ። “ሃይሚዬ፣ ስልኩን ለአክስትሽ ከመስጠትሽ በፊት…”

ኔትወርኩ ሄደ። ወይም ስልኩ ተዘጋ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አልደፈረችም፤ መልሳ አልደወለችም።

ያን ቀን ማታ ትቬይታ ሰፈር ቤቷ ገብታ፣ ደብተሯን አውጥታ፣ ከወለሉ ጀምሮ በበሩ መቃን ላይ የልጇን ቁመት፣ መቶ ሃምሳ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ለካች። በእርሳስ ጭረት አደረገች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ጭረቱ ፊት ቆመች፤ አፍንጫዋ ላይ መጣ። ትታት ስትመጣ ልጅቱ ደረቷ ጋ ነበረች። ጎንበስ ሳትል ግንባሯን ልትስማት የምትችልበት ቁመት ማለት ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ወንበር ይጎትታል። እሷ ቤት ግን የሚጎተት ወንበር የለም፣ የሚጠራት የለም፣ መብራት አብርታ መቃኑን የምታይ አንድ ሴት ብቻ።

መስከረም ላይ አሰለፈች ፎቶ ላከች፤ አረንጓዴው ቀሚስ ከጉልበት በታች ሁለት ጣት፣ ሸሚዙ ትከሻዋ ላይ ልክ፣ ልጅቱ ወደ ጎን እያየች። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ስትደውል ሃይማኖት ስልኩን ትቀበላለች፤ “ደህና። እሺ። እሺ እማ። አክስቴን ላቅርብልሽ።” በቃ። ጥቅምት እንዲሁ። ኅዳር እንዲሁ። “ትምህርት በዝቶባት ነው” ትላለች አሰለፈች። የዓለምወርቅ ግን እውነቱን በመናገሯ ልጇን እንዳጣች ነው የገባት። ዋሽታ ሁለት ዓመት የያዘቻት፣ አንድ ቀን ብትናገር ያመለጠቻት መሰላት። ሥራ ቦታ ታንጉት “ዛሬስ ሳቂ እንጂ፣ ይህን መስታወት ስትወለውዪ ፊትሽ አስፈርቶኛል” ብትላት እንኳ ፈገግታዋ ከአንድ ጥርስ አያልፍም ነበር። ጨለማው በዘጠኝ ሰዓት ይገባል፤ ከሥራ ስትወጣ ጨለማ፣ ስትሄድ ጨለማ። ሁለት ጊዜ ጽፋ ሰርዛለች። “ይቅርታ” የሚለውን ጽፋ፣ ለልጅ ይቅርታ እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቀች ሰረዘችው።

ዛሬ፣ ጥር ውስጥ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ በረዶ እየጣለ፣ ስልኳ ጮኸ። ፎቶ ነው። አሰለፈች አይደለችም የላከችው። አረንጓዴ ቀሚስ በሁለት ጉልበቶች ላይ ተዘርግቷል፤ ጫፉ ላይ ሰባራ ሰባራ የእጅ ስፌት አለ፣ ጉንዳን ሰክሮ የሄደበት የሚመስል፤ ከላዩ የድሮው መስመር ደብዝዞ ይታያል፤ ክሩም አረንጓዴ ሳይሆን ጥቁር ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

“አንዱን ጣት ለቀቅኩት። ሦስት ቀረን።”

ቀረን። ቀረኝ አላለችም።

የዓለምወርቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ደወለች፤ ልጅቱ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

“እማ! ቤቱ በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፣ አክስቴ ልታባርረኝ ነው!”

“ስፌቱ ጠማማ ነው” አለች የዓለምወርቅ፣ እያለቀሰች።

“አውቃለሁ። ሁለተኛው ቀጥ ይላል። ከይግባኙ መልስ መጣ?”

“አልመጣም።”

“እሺ። ሲመጣ መጥፎም ቢሆን ንገሪኝ።”

“እነግርሻለሁ።”

“በዚያው ቀን።”

“በዚያው ቀን።”

ከዚያ ስለ ክር ቀለም ተጨቃጨቁ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ። ከነሐሴ ወዲህ ያልተወራ ወሬ ሁሉ፣ ስለ ባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ ስለ አንዲት ጸጉሯን ስለምትጎትታት ልጅ፣ አንድ ላይ ወጣ። ሲዘጉ ቤቱ መልሶ ጭር አለ፤ በረዶው መስኮቱ ላይ ይከመራል፣ የጎረቤት ወንበር ይጎተታል። የዓለምወርቅ ግን ቁጭ አላለችም፤ መርፌና ክር ፍለጋ መሳቢያ ትገለብጣለች፣ ቀጥ ያለ ዝምዝማት እንዴት እንደሚያዝ በቪዲዮ ላሳያት ብላ።

ታንጉት እኮ ይህን ሁሉ አልሰማችም! ዛሬ ዕረፍት ናት፣ ስልኳንም አጥፍታዋለች። ቤቷ ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው፤ ባቡሩ ሊመጣ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማ፣ ይህን ወሬ ለእናንተ ያደረስኳችሁ እኔው ልድረስባት፤ ኮቴን ብቻ ልደርብ።