ከካርዱ ላይ የሠራሁት ቅጂ

አዳማ ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የሠርግ ቪዲዮ ቤት አለን። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ አቀናብራለሁ። አዲሱን ካሜራ የገዛ ሰሞን መሬት አልበቃው ብሎ ነበር፤ የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ያንን ከባድ ምስል መሸከም አቃታት። ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ሙሽሮቹ አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ደርቀው ይቀራሉ።

መላው ፕሮክሲ ነው። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ፋይል ትንሽና ቀላል፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቅጂ ያወጣል። የምቆርጠውም የምቀጥለውም በቅጂው ነው፤ ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ግን ከዋናው ነው። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሞ ዲስክ ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። የእኛ ዲስክ ሁሌም ጢም ብሎ የሞላ ስለሆነ፣ ፕሮክሲውን በቀጥታ ከካሜራው ካርድ ላይ መሥራት ለምጄ ነበር፤ ዋናውን በኋላ እገለብጣለሁ እያልኩ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የአቦምሳውንም ሠርግ እንደዚያው አደረግኩት። ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ወደ ቢሾፍቱ ሠርግ ሊሄድ ሲጣደፍ በር ላይ ቆሞ፣ «ይሄን ካርድ ላጥፋው?» አለኝ። ስክሪኑ ላይ የሙሽሪት አባት ልጃቸውን ይመርቃሉ። ምስሉ አንዴም ሳይቆራረጥ ይሄዳል።

«አጥፋው፣ ገብቷል» አልኩት።

የገባው ቅጂው ብቻ ነበር። ወንድሜ ካርዱን አጽድቶ ቀኑን ሙሉ ቢሾፍቱን ቀረጸበት።

ወር ሳይሞላ የአቦምሳዋ ሙሽሪት አባት አረፉ። ባለቤታቸው ከአቦምሳ ድረስ መጡ። ሰውየው ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበርና፣ ቤት ውስጥ ከድሮ መታወቂያ በቀር መልካቸው የለም። ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ከቪዲዮው እንዳወጣላቸው ለመኑኝ። አጠገቤ አስቀምጫቸው ዋናውን ፋይል ስከፍት፣ ፕሮግራሙ «ፋይሉ የለም» አለኝ። ዋናውን ሳልገለብጥ ካርዱን ማስጠፋቴ ያኔ ነው የገባኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ ቅጂውን ከፈትኩላቸው።

«ዓይኑን አቅርቢልኝ፣ ልጄ።»

አቀረብኩ። የሰውየው ፊት ፈራረሰ፤ በዓይናቸው ቦታ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ቀሩ። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። እንደገና ጠረጉት።

«ለቅሶው ዓይኔን አጠፋው መሰለኝ» አሉ። «ላንቺ ጥሩ ሆኖ ይታይሻል?»

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ፈሪ ነኝ።

«ይታየኛል፣ እማማ።»

በትልቁ አትሜ ሰጠኋቸው። ሳያዩት በጥንቃቄ ጠቀለሉት፣ ግንባሬን ሳሙኝ።

«ልጄ ታየዋለች» አሉ በሩ ጋ ሲደርሱ። «የሷ ዓይን ደህና ነው።»