ኳሱ የተኛበት ቀን

ወንድሜ ሮቤ ከተማ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። ቤቱን ሲከፍት የመጀመሪያውን ጨዋታ የተጫወተው ከእኔ ጋር ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲገባም እንደዚያው። ሰው ፊት መቀመጥ ቢያሳፍረኝም ከእሱ ጎን ያለችው ወንበር የእኔ ነበረች። ፕሮጀክተር ሲገዛ የጓጓሁት ለዚያች ወንበር ነው።

ወንድሜ የጨዋታ ማጫወቻው ከመደርደሪያው እንዲወጣ አልፈለገም። ፕሮጀክተሩ ደግሞ ጣሪያው ላይ፣ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ተሰቅሏል። ምስሉን የሚያደርስ አሥራ አምስት ሜትር የኤችዲኤምአይ ገመድ ገዛ። ምስሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የማጫወቻውን ጥራት ዝቅ አደረግሁለት፤ ምስሉ መጥፋቱን ተወ፣ ግን ፕሮጀክተሩ ትንሹን ምስል ለጥጦ ስለሚያሳይ የተጫዋቾቹ ፊት ደበዘዘ።

እጮኛው መጣች። ጎባ ከተማ፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ምስል ወደ ሩቅ የሚያስተላልፉ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አምጥታ በመካከላቸው የኔትወርክ ገመድ ዘረጋች። ምስሉ በሙሉ ጥራቱ ጥርት አለ።

«እጅሽ ይባረክ» አላት ወንድሜ። ለእኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ደንበኞቹ ሊሞክሩ ተቀመጡ። አንዱ ቁልፉን ተጫነ፤ ኳሱ ዘግይቶ ተነሣ።

«ራፌ» አለ፤ በኦሮምኛ ተኛ ማለቱ ነው። «ኳሱ ተኝቷል፣ ቀስቅሱት።»

«የጎባዋ ሳጥን ነው ያስተኛው» አለ ሌላው፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሷ አልተቆጣችም። ሳጥኖቹን ነቅላ ማጫወቻውን ፕሮጀክተሩ ሥር አስጠጋችና በአጭር ገመድ አገናኘችው። ኳሱ አሁንም ተኛ።

«ሳጥኖቹ አይደሉም» አለችና ወደ እኔ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ የፕሮጀክተሩን መመሪያ ያነበብሽው አንቺ ነሽ አሉ። ምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

በጆሮዬ ባትጠይቀኝ ኖሮ አፌ አይከፈትም ነበር። ይህም አናደደኝ፤ ዓይን አፋርነቴን ማን ነገራት?

«ፕሮጀክተሩ ጠማማ ነው የተሰቀለው» አልኋት። «የተጣመመውን ምስል ራሱ እያቃና ያሳያል። ለዚያ ጊዜ ይፈልጋል። መዘግየቱን የሚቀንሰው የጨዋታ ምርጫም አልበራም።»

መሰላል ላይ ወጥታ ፕሮጀክተሩን ከግድግዳው ፊት ለፊት አስተካከለችው። እኔ ከታች ማቃኛውን ዜሮ አድርጌ የጨዋታ ምርጫውን አበራሁ። እሷም ማጫወቻውንና ሳጥኖቹን ወደ ቦታቸው መለሰች። የቅድሙ ደንበኛ ቁልፉን ተጫነ፤ ኳሱ ወዲያው ሄደ።

«ነቃ» አለ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሰዓት ደረሰ። ወንበሬን ሳብሁ። ወንድሜ ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች አንሥቶ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእሷ ሰጠ።

«የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተው ጀምሩት» አለና ከኋላችን ቆመ።

በእሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳንቆይ ጎል አገባችብኝ። ወንድሜ አጨበጨበላት። «ኳሱ ስለተኛ ነው» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ኳሱ አልተኛም።